ኮባ ላይ የተጋገረው የኒካህ ኬክ

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። በሕይወቴ መጀመሪያ የጋገርኩት ኬክ ከፎርማው ሲገለበጥ ፍርፋሪ እንኳ አልተወም። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ እኔም ሌላ ሰው ቢያወራው አላምነውም።

አሰላ ውስጥ ኬክ ጋግራ የምትሸጠው ባለቤቴ ናት። ያን ቀን ቀኝ እጇ ወለም ብሎ ታሽቶ ታስሯል። አንዲት የሳጉሬ እናት ደግሞ ለልጃቸው ኒካህ ኬክ አዘዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ለድግስ ስትታዘዝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ ከተበላሸ ሳጉሬ ድረስ ስሜ ጠፋ" አለችኝ።

"እኔ እያለሁ? ጎማ ከቸርኬ የሚያወጣ ሰው ኬክ ከፎርማ ማውጣት ያቅተዋል?"

ዱቄቱን ልዘረግፍ ስል በግራ እጇ ያዘችኝ። "መጀመሪያ የአሠራሩን ደብተር እስከ መጨረሻው አንብብ።"

"እየሠራሁ አነበዋለሁ።"

"ጄኔሬተሩን እየፈታህ መመሪያውን እንዳነበብከው? እስከ ዛሬ አልተገጠመም እኮ።"

አነበብኩ። መሃል ላይ "የለሰለሰ ቅቤ" ይላል። የኛ ቅቤ በአሰላ ብርድ ድንጋይ ሆኗል። ቆራርጬ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ዕንቁላሉንም ከፍሪጅ አወጣሁ። ከዚያ ሁሉንም ለክቼ ጠረጴዛው ላይ እንደ መፍቻዎቼ በተራ ደረደርኩ። ስደረድር ቤኪንግ ፓውደር የለም።

"አየህ? ሊጡን ከመታህ በኋላ ብታውቅስ?"

ከሱቅ አመጣሁ። ኦቨኑን መቶ ሰማንያ ላይ አድርጌ አበራሁት።

"ባዶውን ለምን ይነዳል?" አልኳት።

"ሊጡ የጋለ ቦታ ካልገባ በደንብ አይነሳም። ግሎ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቅ።"

ፎርማውን ጥጋጥጉ ሳይቀር ቅቤ ቀባሁ፤ ዱቄት ነስንሼ ትርፉን አራገፍኩ። የታቹን ወረቀት ላነጥፍ ጥቅልሉን ባነሳ ካርቶኑ ብቻ ቀርቷል። ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ፤ የለም። ከልጆቹ ደብተር ልቅደድ ብላት "ለሙሽሮቹ ቀለም ልታበላ ነው?" አለችኝ። ወረቀት ከሌለ መሃሉ ታች ይይዛል፣ ሲገለበጥ ለሁለት ይሰነጠቃል ብላ ቁጭ አለች።

ጎረቤታችን ጓሮ ሄጄ ኮባ ቆረጥኩ።

"ድፎ ዳቦ መሰለህ?"

"ዱቄት ነው፣ እሳት ነው። ምን ልዩነት አለው?"

የቅጠሉን ወፍራም አጥንት አውጥቼ፣ አጥቤ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ አለሰለስኩት። አድርቄው በፎርማው ልክ ክብ ቆረጥኩ፤ ታች አንጥፌ በላዩ ቅቤ ቀባሁ። ከዚያ ነው ሊጡን የመታሁት። ኦቨኑ ግሎ ጠበቀኝ።

ሲበስል አሥር ደቂቃ አሳረፍኩት። ዳሩን በቢላ ዞሬ ገለበጥኩ። ባለቤቴ ፊቷን አዞረች። ዱብ አለ፣ ሙሉውን። ኮባው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ።

ሴትዮዋ መጥተው አጎንብሰው አሸተቱት። "ምን ምን ይላል?"

"ኮባ ነው፣ እማማ" አለች ባለቤቴ፣ መሬት መሬት እያየች። "ወረቀት አልቆብን።"

ደግመው አሸተቱ። "የናቴን ዳቦ ይሸታል። ለመልሱም በዚሁ ቅጠል ሥሪልኝ።"

ሥሪልኝ ነው ያሉት፣ ለሷ። ኬኩ ሳይሰነጠቅ መውጣቱን ግን ሳጉሬ ወርዳችሁ የኒካሁን ሰዎች ጠይቁ። ማን እንደጋገረው ደግሞ ጎረቤቴን ጠይቁ፤ የተቆረጠውን ኮባ ያሳያችኋል።