የተወተፈችው መስኮት

ላንቻ ሰፈር ውስጥ ወይዘሮ ደብሪቱን ስለ ከብት ላስተምርዎ ብሎ የደፈረ ሰው አልነበረም። የመንዝ ልጅ ናቸው፤ ጥጃ ሲወለድም፣ በውርጭ ሲሞትም እያዩ ያደጉ። አርባ ዓመት አዲስ አበባ ኖረው እንኳ የሚፈሩት ያንኑ ብርድ ነው። በሚያዝያ ሐሩር ታክሲ ውስጥ "ኧረ መስኮቱን ዝጉት!" የሚሉ እናት ካጋጠሟችሁ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ባላቸው አቶ አስመላሽ የቢሮ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከግቢው ጥግ የቆርቆሮ በረት ሠርተው ዳማ የምትባል የፈረንጅ ዲቃላ ላም ገዙ። በበረቱ ግድግዳ ላይም ሰፋ ያለች መስኮት አወጡ። ሚስታቸው መስኮቷን ሲያዩ በሳቅ ሞቱ።

"አስመላሽ፣ ላሟ ጋዜጣ ልታነብ ነው እንዴ?" አሉና በማግስቱ በማዳበሪያ ከረጢት ወተፏት።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በመጋቢት፣ ዳማ ቀትር ላይ ምላሷን አውጥታ ታለከልክ ጀመር። ለሃጯ ይዝረበረባል። ወይዘሮ ደብሪቱ ምች ነው ብለው ፈረዱ። ምች የመታው ደግሞ ንፋስ አይነካውም፤ ቀዝቃዛ ውሃም አይቀምስም። በሩን ዘግተው ባልዲውን አራቁ።

"ደብሬ፣ ይቺ ከብት እኮ ውሃ ውሃ እያለች ነው" አሉ አቶ አስመላሽ።

"አንተ ፋይልህን እወቅ!"

ሰላም ወዳድ ሰው ነበሩና ነገሩን ተዉት። ዳማ በሦስተኛው ቀን ሞተች። በዓመቱ አቶ አስመላሽም አረፉ። ለወይዘሮ ደብሪቱ የቀረችላቸው የዳማ ልጅ ቡሬ ብቻ ናት።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲገባ የቡሬ ወተት በቀን ከአሥራ አራት ሊትር ወደ ስድስት ወረደ። መተኛት ተወች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ታለከልካለች። ጠዋት ጠዋት ወተት የምትወስደው ጎረቤታቸው ጀሚላ ነገሩ አላምር ቢላት፣ ሳታማክራቸው የእንስሳት ሐኪሙን ዶክተር ፋኑኤልን በስድስት ሰዓት ይዛ መጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ እንደ ልማዳቸው ለቡሬ ፉርሽካና ፋጉሎ ምሳዋን ሰጥተው መጨረሳቸው ነበር።

ሐኪሙ ቦርሳውን አልከፈተም። ሰዓቱን እያየ የላሚቱ ጎን ስንቴ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቆጠረ። ቆርቆሮውን በመዳፉ ነክቶ ቶሎ እጁን አነሳ።

"በደቂቃ ዘጠና ጊዜ ነው የምትተነፍሰው፤ ጤነኛ ላም ከአርባ ብዙም አታልፍም" አለ።

"ምች ነው፣ አይደል?"

"ሙቀት ነው፣ እማማ። መንዝ ቢሆን ልክ ነዎት፤ እዚያ በረት ካልተዘጋ ከብት ያልቃል። ይቺ ግን ዲቃላ ናት። ብዙ ትበላለች፣ ብዙ ትታለባለች፤ የበላችው ሲብላላ ሆዷ ራሱ እንደ ምድጃ ነው። የቀትሩ መኖ ሙቀቱን የሚያወጣው ደግሞ ከሰዓት፣ ቆርቆሮው ሲግል ነው። አናቷም ሆዷም ነደዱባት ማለት ነው።"

ቡሬን ወደ ግቢው አወጧት። ከአጥሩ ማዶ የተሠራውን ፎቅ ወይዘሮ ደብሪቱ "ፀሐዬን ወሰደብኝ" እያሉ ሲረግሙት ከርመዋል፤ አሁን ከግድግዳው ሥር ጥላው መውጣት ጀምሮ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው የበርሜል ውሃ ፀሐይ ላይ ውሎ ለብ ብሏል። ጀሚላ ከቤቷ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣች፤ ሐኪሙ በላሚቱ ጀርባ ላይ ሊያፈስ ሲል ወይዘሮ ደብሪቱ ጮኹ።

"ኧረ ብርድ ይመታብኛል!"

አፈሰሰው። ቡሬ አልተመታችም። ሁለት ባልዲ ቀና ሳትል ጨለጠች። ንፋሱ እርጥብ ጀርባዋን ሲያገኘው ትንፋሿ እየሰከነ መጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲቆጠር ወደ ስድሳ ወርዷል።

ወይዘሮ ደብሪቱ ባዶውን ባልዲ አነሱ።

"ዶክተር፣ እንዲህ የሆነች ላም በር ቢዘጋባት... ውሃም ብትከለከልስ?"

ሐኪሙ ስለ ዳማ አያውቅም። "ትሞታለች፣ እማማ" አለ፣ መኖው ጎህ ሳይቀድና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲሆን ወደ መምከሩም አለፈ።

አሁን በርሜሉ ጥላ ሥር ነው፤ የቡሬ ገንዳ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጎድለውም፤ የበረቱ ጣሪያ ሣር ተደርቦበታል። የቡሬ ወተት አሥራ ሁለት ሊትር ደርሷል። ጀሚላ በመጣች ቁጥር ታመሰግናቸዋለች፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ምስጋናው አይዋጥላቸውም።

ከረጢቱን ከመስኮቷ የነቀሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሰው እንዲያግዛቸው አልፈለጉም። ሲነቀል ንፋሱ በአንዴ ገባ፤ ቡሬም አፍንጫዋን ወደ መስኮቷ አስጠግታ ቆመች። ጀሚላ የወተት ዕቃዋን ይዛ በሩ ላይ ነበረች።

"ባልዲውን ከዳማ ያራቅሁት እኔ ነኝ" አሏት ዞር ሳይሉ። "አስመላሽ ነግሮኝ ነበር። ልክ ነበርክ ሳልለው ሞተ።"