«ማ» ያልኩት ማኛን ነበር

ቢቸና ላይ የጤፍ ገበሬዎች ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ይበሉኝ እንጂ ዋናው ሥራዬ ዋጋ መላክ ነው። ጠዋት እህል ተራ እወርድና ሚዛን ላይ ሽያጭ የጨረሱ ሦስት ገበሬዎችን እጠይቃለሁ። የተጠራውን ዋጋ አይደለም፣ እጃቸው የገባውን። ከሦስቱ መሃለኛውን እይዛለሁ። ከዚያ ሞጣ ላሉት እህል ነጋዴ ለሐጂ እደውላለሁ፤ እርሳቸውም የሞጣውን እንደዚሁ አጣርተው ይነግሩኛል። ገበያ ባልዋለበት ቀን የትናንቱን አልደግምም፣ «ገበያ የለም» ብዬ እልካለሁ።

ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ የምልከው በተራ የስልክ መልእክት ነው። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ አንዱ መልእክት ሰባ ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። እኔ ብልጧ ጤፉንም ስንዴውንም በአንድ ልጨርስ ብዬ ፊደል ቆጠብኩ፦

«ሰኞ ቢቸና ማ12000 ሰ10500 ስ6000 ሞጣ ማ12600 ሰ11000 ስ6300»

ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ስንዴ፤ ሁሉም በኩንታል። ለኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር።

ከአባሎቻችን አንድ አዛውንት አሉ፤ በልጅነታቸው ቅኔ የቆጠሩ ገበሬ ናቸው። በዚያ ክረምት አንዱ በሬያቸው ሞቶባቸው ነበርና ያላቸውን ማኛ ሸጠው ሌላ በሬ ካልገዙ ማሳቸው ጦም ሊያድር ነው። አንድ የእህል ደላላ ደጃቸው መጥቶ ለአንድ ማዳበሪያ ጤፍ አምስት ሺህ ተኩል ሲላቸው መልእክቴን አዩ። «ማ» የምትለዋን ማዳበሪያ ብለው አነበቧት! ማዳበሪያው የሚይዘው ግማሽ ኩንታል ነው። «በግማሽ ዋጋ ሊነጥቀኝ ነበር!» አሉና አባረውት ያላቸውን ስምንት ማዳበሪያ በመኪና ጭነው ሞጣ ሄዱ።

ሐጂ ትክክለኛውን የኩንታል ዋጋ ሲነግሯቸው የተዘባበቱባቸው መሰላቸው። ተቆጥተው ጤፉን መልሰው አመጡት፤ የደርሶ መልሱ ኪራይ በከንቱ ሄደ። ስሰማ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መለኪያውን ያልጻፍኩት እኔ ነኛ!

ደላላው ግን እሰይ ነው ያለው። በዚያው ማታ የማህበሩ ስብሰባ ላይ ሳይጠራ መጥቶ «ይቺ ሴት ሽማግሌ አንከራተተች፤ ዋጋ መላኳ ይቅር» አለ። ሊቀመንበሩም አንገቱን ሰብሮ «ለጊዜው እናቁመው፣ ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ጤፍም አይነቅዝም!» አልኩት። «ዝም ብለው ሲሸጡት ግን ይረክሳል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ፤ ግን አላቆምም። ጸሐፊነቱን ውሰዱት፣ ስልኩ የራሴ ነው!»

አዛውንቱ ብድግ ሲሉ በቃ ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሰምና ወርቅ ለቅኔ ነው። ገበያ ሰም አያውቅም። በአንድ ፊደል ሁለት ነገር አትንገሪን። በይ ፊደሉን ሙሉ ጻፊው እንጂ ማን አቁሚ አለሽ?»

«እሺ አባባ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አለቀስኩም፤ ምን ይደረግ።

ስንዴውን ወደ ሌላ መልእክት አወጣሁት። ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

«ማክሰኞ፤ ጤፍ በኩንታል፤ ቢቸና ማኛ 12000 ሰርገኛ 10500፤ ሞጣ ማኛ 12600 ሰርገኛ 11000»

ሰባ አልሞላም! ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣሁት አንድ መልእክት ልቆጥብ ብዬ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅደም ተከተሉን አልነካሁም፤ የዛሬውን መልእክት ከትናንቱ ጋር ያስተያየ ሰው ተለውጦ የሚያገኘው ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ ነው።

ያን ቀን ደላላው እህል ተራ ላይ አዛውንቱን አገኛቸው። የሞጣው ጉዞ ያሳፈራቸው መስሎት «ኩንታሉን አሥራ አንድ ሺህ ልውሰድልዎት፣ ከዚህ በላይ የሚሰጥ የለም» አላቸው። አዛውንቱ ስልካቸውን ዘረጉለት።

«መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አንብብልኝ።»

መነጽሩ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሰው ከቦ ያያል። ደላላው ጉሮሮውን ጠራረገና «ጤፍ በኩንታል፣ ቢቸና ማኛ አሥራ ሁለት ሺህ» ብሎ አነበበ።

«አላጣራህም፤ ድገመው።»

ደገመው።

«በል እንግዲህ፣ በአፍህ ያልከውን በእጅህ ስጠኝ» አሉት።

ሰጣቸው። ከበሬ ገበያው መልስ አዲሱን በሬያቸውን በደጄ እየነዱ ሲያልፉ ጠሩኝና ሊመርቁኝ ነው ብዬ ወጣሁ። «የተረፈችኝን ማዳበሪያ ነገ ልሸጥ ነው፤ ሦስት ሰው ስትጠይቂ እኔን አትዝለይ» ነው ያሉኝ። አልዘለልኳቸውም። የረቡዕ መሃለኛ ዋጋ የእርሳቸው ነበር።