ለእማዬ የጠበስኩት ዓሣ

እማዬ እህል አልቀምስ ካለች ሰነባብታ ነበር። አጥሚቱን፣ ሾርባውን፣ የተፈተፈተውን ሁሉ እያቀረብኩ እለምናታለሁ፤ እሷ አንዴ ከንፈሯን ታስነካና ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። የጤና ጣቢያው ሰው ደረቷ ክፉኛ መጎዳቱን ነግሮኛል፤ ካልበላች መድኃኒቱን እንደማትችለውም አስጠንቅቆኛል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ጠዋት ብስጭት ብዬ፣ ታዲያ ምን ይምጣልሽ አልኳት። ዓሣ እንዳማራት ነገረችኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። እኛ በምንኖርበት በመካነ ሰላም በግ ሞልቷል፣ እንቁላል አይጠፋም፤ ዓሣ ግን የሚሸጥበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እማዬ ተወልዳ ያደገችው ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር ነው። የአባቴ ወገኖች የደብር አገልጋዮች ነበሩ፤ ወደዚህ ደጋ ድረው ካመጧት በኋላ ዓሣ የሚባል አልቀመሰችም። በእነሱ ቤት ዓሣ መብላት የቆላ ሰው ነገር ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ባዕድ ላለመባል ስሙንም አታነሣም። ልጅዋ ሆኜ፣ አብሬያት ኖሬ፣ ዓሣ እንደምትወድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጎረቤታችን የነበሩት ነጋዴ ሰምተው ዐባይ በረሃ ላሉት አማቻቸው ላኩባቸው። እማዬ መልእክት ስትጨምር፣ ቅርፊት የሌለው ከሆነ እንዳይመጣ ብላለች፤ እንዲህ ያለው በኦሪት የተከለከለ ነው፣ የካህናት ቤት አኗኗር እስከዚያ ድረስ ይዟታል። እሑድ ጠዋት ነጋዴው በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዘው ከበራችን ቆሙ። ሌሊቱን በብርዱ ሲወጣ ያደረ ነው። ጉንጩን ገልጬ አሸተትኩት፤ የውሃ ሽታ እንጂ ሌላ የለውም፤ ዓይኑም ገና አልደፈረሰም። ነጋዴውን ቁጭ በሉ ብላቸው እንቢ አሉ፤ አላህ ያሽራት፣ ዱዓ እናደርጋለን ብለው ሄዱ።

ቤት ውስጥ በእንጨት ብጠብሰው ጭሱ እማዬን ይገድላታል። ትንሽ ጭስ በሸተታት ቁጥር ሳሉ ትንፋሽ ያሳጥራት ነበር። እኔ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ የባልትና መምህርት ነበርኩ፤ በክፍሌ የጋዝ ኦቨን አለ። ከደሴ ሲሊንደር መምጣት ካቆመ ወዲህ ለተማሪዎች የማስተምረው በጠመኔ ብቻ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ዳቦ ስንጋግር ነው የከረምነው። የቀረችውን ጋዝ ለማን እንደማስቀምጣት ሳላውቅ ቆጥቤያት ነበር። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ሰጡኝና ምንም አልጠየቁኝም።

ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ራሱ ፋቅኩ፣ ሆዱን ከፍቼ አጸዳሁ፣ የመተንፈሻውን ቀይ ነገር አወጣሁ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ውጭውንም ውስጡንም አደረቅኩት፤ እርጥብ ቆዳ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ቁራጭ ከሆዱ ከተትኩ፣ ላዩን ዘይት ቀባሁት። ኦቨኑን ሁለት መቶ ሃያ ዲግሪ ላይ አድርጌ በደንብ እስኪግል ጠበቅሁ። ዓሣን በክብደቱ ሳይሆን በውፍረቱ ነው የሚያበስሉት፤ ከራሱ ኋላ፣ ጀርባው በጣም በሚወፍርበት በኩል በማስመሪያ ለካሁት፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዚህ ሙቀት ለእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ዐሥር ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ሃያ ደቂቃ። ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን መንገድ አለ። ዓሣ ከእሳት ወጥቶም ተሸፍኖ ከቆየ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ከፈትኩና የቢላዋውን ጫፍ ከራሱ ኋላ አስገብቼ ሥጋውን ከጀርባ አጥንቱ ቀስ ብዬ አነሣሁት። ላዩ ነጭ ሆኗል፤ አጥንቱ ሥር ግን አሁንም ትንሽ መስተዋት መሳይና ቀላ ያለ ነው፣ ሥጋውም አጥንቱን በደንብ አልለቀቀም። የፈለግሁት ይህንን ነበር። ቤት ስደርስ አጥንቱን ይለቃል ብዬ በሌላ ትሪ ከደንኩት፣ በፎጣና በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ወጣሁ።

መንገዱ መካከል ላይ ለቅሶ ገጠመኝ።

አስከሬን የለም። ያ ዘመን ልጅ ከሰሜን በመርዶ የሚመለስበት ነበር። በቅሎ ላይ ኮቱንና ፎቶግራፉን አድርገው፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ፎቶግራፉን ሳይ አወቅሁት፤ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ። በእኛ አገር ለቅሶ ሲገጥም ጥሶ አይታለፍም፤ የያዙትን አስቀምጦ፣ ጥቂት ሸኝቶ ነው የሚታለፈው። ትሪውን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አኖርኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ቆምኩ።

ጥቂት ሸኝቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እናቱ አየችኝና መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አንቺ አስተምረሽው አልነበረም? አንቺ ታውቂው አልነበረም?" እያለች ታለቅሳለች። አዎ አውቀዋለሁ አልኳት፤ በክፍሌ ብቸኛው ወንድ ልጅ እንደነበረ፣ ሲሳቁበትም ግድ እንደማይሰጠው ነገርኳት። ያንን ስትሰማ ይብሱን ያዘችኝ። እንባዬ ይወርዳል፤ ልቤ ግን ድንጋዩ ላይ ነው። አሁን አጥንቱን ለቀቀ፣ አሁን ጭራው ደረቀ፣ አሁን ቆዳው አላበው እያልኩ አስባለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እናት ስትታመም ሰው እንዲህ ይሆናል። ዘመዶቿ እጇን ከአንገቴ እስኪያላቅቁ ድረስ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

ቤት ስገባ እማዬ ትራስ ተደግፋ በሩን ታያለች። ለምን እንደዘገየሁ ነገርኳት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገርኳት። ትሪውን ከፈትኩ። እንደፈራሁት ነው፦ ቆዳው ተልፈስፍሷል፣ ሆዱና ጭራው እንደ ጥጥ ደርቋል። አልቅሼ ልሞት ነው። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ጋዝ፤ ሌላ ዓሣ የለኝ፣ ሌላ ጋዝ የለኝ። ከአሁን በኋላ እንደገና ዓሣ እስኪመጣ እንደማትቆይም አውቃለሁ።

"ምን ያስለቅስሻል፣ አቅርቢው" አለችኝ።

በጣቷ ከራሱ ኋላ፣ ጀርባው የሚወፍርበትን ጫነች። ሥጋው በትልቁ ተገልጦ መጣ፤ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ሥሩ ያለው ሥጋ አሁንም ወዝ አለው። ከአጥንቱ የተነሣውን ቆንጥራ አፏ ውስጥ አደረገች። ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች። ሁለተኛም ቆነጠረች። ላጎርሳት ብል በዓይኗ ከለከለችኝ። ሦስተኛውን ከወሰደች በኋላ ትንፋሽ አጠራትና ትራሷ ላይ ተመለሰች።

ይበቃኛል ብላ እንዳትተወው ስፈራ፣ እንደገና ቀና አለች። አጥንቱን ዞር አድርጋ ከሁሉ ያማረውን፣ ያልደረቀውን ሥጋ መረጠች፣ እሾሁን ለቀመች፣ ጠቅለል አድርጋ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አንቺ ብዪው፣ ላንቺ ነው የተሠራው አልኳት።

"ክፈቺ" አለችኝ። "ከእንግዲህ እኔ አንቺን የማጎርስበት ቀን ያለ አይመስለኝም።"

አፌን ከፈትኩ።