ከመስመሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ

ወገዳ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ስፖርት ሳስተምር፣ ልጆቹን አሰልፌ የእግር ኳስ ቅብብል ብቻ ማለማመድ ሰልችቶኝ ነበር። ስለዚህ ከሥልጠና ያመጣሁትን ዘዴ ልሞክር ተነሳሁ፤ መጀመሪያ ጨዋታ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ የቅብብል ልምምዱ የሚመጣው ልጆቹ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ሲገባቸው ነው። የትምህርት ቤታችን ሱፐርቫይዘርም ሳስተምር ሊያየኝ መጥቶ ሜዳው ዳር ቆሟል።

አራት ልጆች ኳሷን ተቀባብለው እንዲያቆዩ፣ ሁለቱ እንዲነጥቋቸው አዘዝኩ። ከአራቱ ሦስቱ ኳሷ ላይ ተረባረቡ፤ አራተኛዋ ብቻዋን ከመስመሩ አጠገብ ቀረች። በእንግዳ ፊት የፈዘዘች መስሎኝ ደሜ ፈላ።

«አንቺ! ምን ተገትረሽ ታያለሽ? ግቢ!» ብዬ ጮህኩባት።

ሮጣ ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀች፤ ወዲያው ኳሷን ተነጠቁ። ፊሽካ ነፋሁና እንደሠለጠንኩት ጠየቅሁ፤ «ለምን ተነጠቃችሁ?»

 ያቺው ልጅ እጇን አወጣች።

«ተጠጋግተን ነው፣ መምህር። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ባዶ ቦታ ላይ ቢቆም ኖሮ ኳሷን ለሱ እንሰጠው ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆሜ ነበር እኮ፤ እርስዎ ግቢ አሉኝ» አለች።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። አጠፋሁ ማለት አቅቶኝ፣ «ጎበዝ፤ አጨብጭቡላት» ብዬ ወደ ረጅም ቅብብል ልምምድ አለፍኩ።

ሱፐርቫይዘሩ መልሱን ከልጆቹ አፍ ስላወጣሁ አመሰገነኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ያቺ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ቦታ ላይ መቆሙን ትታ፣ ኳሷ በሄደችበት ሁሉ ከሌሎቹ ጋር ትሮጣለች።