ያልተከመረው ጣሳ

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ቡታጅራ ውስጥ የሞተር ወፍጮ የነበረው ሸረፋ ብቻ ነው። ሞተሩን አገር ሲታመስ ሱቁን ዘግቶ የተሰደደ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ በርካሽ ጥሎለት የሄደው ነው። ሸረፋ ጨዋ ሰው ነው፣ ሶላቱን አያጓድልም፣ የሰው እህል ከሰው እህል አያቀላቅልም። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረው፤ አለቃ ፊት ሲቆም ምላሱ ይታሰራል። ሚስቱ ሰፍያ፣ «እቤት ውስጥ ዳኛ ነህ፣ ውጭ ስትወጣ ግን ድዳ» እያለች ትቀልድበት ነበር። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር።

የወፍጮው ዋጋ በእህል ነው የሚከፈለው። ከየቁናው አንድ ጣሳ ለሸረፋ ይወጣለታል፤ ጣሳውም አናቱ ተከምሮ፣ ጠርዙ ላይ እየፈሰሰ። ሴቶቹ ክምሩን እያዩ ያጉረመርማሉ፣ ሸረፋም እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ሣጥኑ ይገለብጣል። ከከተማው በላይ ላለው የጣሊያን ምሽግም ይፈጭ ነበር፤ ለዚያ ግን ጣሳም ክምርም የለም። በነፃ ነው።

ሞተሩ አጠገብ አንድ ትልቅ በርሜል ቆሟል። ከበርሜሉ ግርጌ የሚወጣው ውኃ በቧንቧ ሄዶ የጋለውን ሞተር ይዞራል፣ ሞቆም በላይኛው ቧንቧ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ውኃው ከላይኛው ቧንቧ በታች ከወረደ መዞሩ ይቆማል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ይህን ሸረፋ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ህንዳዊው ሲሸጥለት ደጋግሞ የነገረው ይህንኑ ነበር።

በበጋ የጉድጓዱ ውኃ ሲቀንስ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ዓይኑ በርሜሉ ላይ ያርፋል። የጠማው ይጠጣል፣ የሶላት ሰዓት የደረሰበት ደግሞ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ ይቀዳል። ሸረፋ አይከለክልም። ለውዱእ የመጣን ሰው ውኃ የሚከለክል እስላም በዚያ አገር አይገኝም፣ ቢገኝም ሁለተኛ ፊቱን የሚያየው ሰው አይኖርም። ታዲያ የቀዳው በቀዳ ቁጥር ሸረፋ ተነስቶ ይሞላዋል፤ ወግ ነበር፣ ሥራም ነበር።

የዚያን ቀን ግን አልሞላም። የቀትሩን የዙህር አዛን ሲሰማ እሱም ራሱ አንድ ጣሳ ቀድቶ ታጠበና ሞተሩ እየሠራ ትቶት ወደ መስጊድ ሄደ። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነው። ሱጁድ ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንዳለ የሞተሩ ድምፅ ሲቀየር ሰማ፤ ከዚያም ዝም አለ። ሮጦ ሲደርስ ቤቱ በተቃጠለ ዘይት ሽታ ታፍኗል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ አልላወስ ብሏል።

በማግስቱ ካሳሁን መጣ። ካሳሁን የምሽጉ አስተርጓሚ ነው፤ ጥሩ ኮት የሚለብስ፣ ጌቶቹ ከመቆጣታቸው በፊት ቀድሞ የሚቆጣ ሰው።

«ዱቄቱ የት አለ?» አለ።

«ሞተሩ ቆመ፣ ጌታዬ።»

«ምን ሆኖ?»

ሸረፋ «ውኃውን ሳላይ ትቼው ሄድኩ» ሊል ነበር። አፉን ከፍቶ ነበር እንኳ። ግን የምሽጉ ዱቄት መቅረቱ ታወሰውና ምላሱ እንደልማዱ ታሰረ። «እኔ እንጃ» አለ። «ድንገት ነው የቆመው።»

ይህቺ «እኔ እንጃ» ኮረብታውን ወጥታ ምሽግ ስትደርስ «ሽፍቶች ናቸው» ሆና ነበር። የዚያን ቀን ሞተሩ አጠገብ ማን ታየ ተብሎ ተጠየቀ። ሁለት ሰዎች በርሜሉ ላይ ሲያጎነብሱ ታይተዋል፤ ሁለቱም ከዘቢዳር ተራራ ሥር የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ሳኒ ለውዱእ ሲቀዳ፣ ደበሌ ደግሞ ጠምቶት ሲጠጣ። ሁለቱንም ከቤታቸው አውጥተው አሰሯቸው።

ሰፍያ የሰማች ዕለት ምሳ አልቀመሰችም። «የዘይባ አባት» አለችው በልጃቸው ስም፣ «ተነስና ንገራቸው እንጂ። የአንተ ጥፋት ነው።»

«እናገራለሁ።»

«መቼ?»

«ሞተሩ ይነሳ። ምሽጉ ዱቄቱን ሲያገኝ ቁጣው ይበርዳል። ለሕዝቡም ቢሆን እኮ ስንት ሰው አስቸግሬያለሁ፣ ስንቷ ሴት በድንጋይ እየፈጨች ክንዷ ዝሏል። በባዶ እጅ ይቅርታ ይጠየቃል? ጣሳውን ልቀንስላቸውና በገበያ መሐል አስለፍፌ እናገራለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ይሰማል።»

ሰፍያ ትታው ወጣች። እኔ ብሆን ኖሮ ኮሌታውን ይዤ እነቀንቀው ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር ሸረፋ የሚያታልል መስሎት አልነበረም፤ የበደለ ሰው አንዳች ነገር ይዞ ነው በደጅ የሚቆመው ተብሎ ያደገ ነው። ፍርሃቱንም በዚህ ሸፈነው፣ እሱ ራሱም ወግ አክባሪ እንጂ ፈሪ የሆነ አልመሰለውም።

መካኒኩ አርመን ነበር፤ ከአዲስ አበባ ለመምጣት የይለፍ ወረቀት ጠበቀ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች እስኪላኩም ሌላ ጥበቃ። ሸረፋ በየቀኑ ከቀዘቀዘው ሞተር ፊት ተቀምጦ በገበያ የሚለውን ነገር ያወጣል ያወርዳል። መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ስለ በጋው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ምሽጉ የማያልቅ እህል፣ ከበርሜሉ ስለሚቀዳው ሰው ብዛት። ቀን በቀን አንድ አንዱን እየጣለ ሄደ። ከበርሜሉ ስለቀዱት ያለውን የጣለው የደበሌ ሚስት ዘርፈሽዋል ስንቅ ተሸክማ ወደ ምሽጉ ስትወጣ ባየ ቀን ነው። ስንቁን ሳይቀበሏት መለሷት። ሸረፋ ያን ዕለት በሩን ዘግቶ አለቀሰ። አለቀሰ እንጂ ኮረብታውን አልወጣም።

ሞተሩ የተነሳው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ሸረፋ በዚያው ቀን ለፋፊ ለማቆም ፈቃድ ሊጠይቅ ሄደ፤ በዚያ ዘመን ያለ ምሽጉ ፈቃድ በገበያ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። ካሳሁን ሰማውና ደስ አለው።

«ቅናሹ መልካም ነው። ቃሉ ግን እንዲህ ይሁን። ወፍጮውን ሽፍቶች ሰበሩት፣ መንግሥት አሠራው፣ ለሕዝቡም አዝኖ ዋጋ አስቀነሰ። ገባህ?»

«የታሰሩትስ፣ ጌታዬ?»

«አንተ ከመሰከርክ በኋላ ምን ችግር አለ? በገበያ ፊት ይሰቀላሉ፣ ነገሩም ያልቃል።»

ሸረፋ ራሱን ነቀነቀ። ካሳሁንም እሺታ አድርጎ ወሰደው።

የገበያው ዕለት ለፋፊው በርበሬ ተራ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣ። ከመስቃን፣ ከእንሴኖ፣ ከየቀበሌው የመጣ ሰው ጆሮውን ሰጠ። «ስሙ! የሸረፋን ወፍጮ ሽፍቶች...» ብሎ ሲጀምር ሸረፋ ክንዱን ይዞ አወረደውና ራሱ ወጣበት። በዚህ ጊዜ ምላሱ አልታሰረም።

«ወገኖቼ፣ እኔ ሸረፋ ነኝ። ወፍጮዬ ቆሞ አስቸግሬያችኋለሁ። የቆመው በእኔ ነው። ውኃውን ሳላይ ሞተሩን ትቼ ሄድኩ፣ ተቃጠለ። ሽፍታ አልነካውም። ሳኒም ደበሌም አልነኩትም። ስጠየቅ እውነቱን አልተናገርኩም። ይህም የእኔ ጥፋት ነው። ያጠፋሁባችሁን ልመልስ አልችልም። እስከ መስከረም ድረስ ድርሻዬን ጣሳው ሳይከመር፣ ልክ በጠርዙ እወስዳለሁ። ትንሽ ናት፤ አውቃለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ከዚህ ሌላ አልጨመረም። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ «አላህ ይቅር ይበልህ» አሉት። የምሽጉ ወታደሮች ከድንጋዩ ላይ ሲያወርዱት ፊቱ ሸክም የቀለለው ሰው ይመስል ነበር፤ በእውነትም ከተቆለፈበት ነገር የወጣ መስሎት ነበር።

እዚያው በርበሬ ተራ ላይ አስተኝተው ገረፉት። ሊሰቅሉትም ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ምሽጉ ዱቄት ይፈልጋል፣ ሞተሩን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። በቃሬዛ ወደ ቤቱ አስገቡት። በማግስቱ ሳኒ ተፈታ፤ ገበያ ሙሉ ሰው የሰማውን ነገር መልሶ ማፈን ለካሳሁንም አልተመቸውም።

ሳኒ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ሸረፋ ዘንድ መጣ። ጥርሶቹ ረግፈዋል። ሸረፋ በደረቱ ተኝቶ እንዳለ ቀና ብሎ ከኋላው የሚገባ ሌላ ሰው ጠበቀ።

«ደበሌስ?»

«አርፏል» አለ ሳኒ። «ከገበያው ቀን በፊት። የምርመራው ዱላ ነው የገደለው። እነሱ ግን ለማንም አልተናገሩም።»

ሸረፋ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። ሰፍያ ልታነሳው ስትሞክር አልነሳም አላት። መስከረም ድረስ የሚዘልቀውን ቅናሹን ሲያሰላ፣ ቃሉን ሲያሳጥር፣ ደበሌ በምሽጉ ወለል ላይ ይሞት ነበር። ይህን ማንም ሳይነግረው ገባው።

ቁስሉ ሳይደርቅ ወፍጮው ጀመረ። ሴቶቹ መጡ፤ ሸረፋም ጀርባው ልብስ አላስነካ ብሎት ጎንበስ እያለ የየአንዳንዷን ጣሳ በእንጨት እየጠረገ ልክ በጠርዙ ይወስዳል። አንዳንዶቹ ያመሰግኑታል። ምስጋናው ከጅራፉ ይልቅ ያመው ነበር።

ከዚያ ዘርፈሽዋል መጣች። ራሷን ተላጭታለች፣ ልብሷ ጥቁር ተነክሯል። የደበሌን ተዝካር የምታወጣበትን እህል ተሸክማ ነበር። ወረፋዋን እንደማንም ጠበቀች፣ ደርሷትም ጆንያዋን አወረደች። ሸረፋ ጣሳውን ሞላና ክምሩን ጠርጎ መለሰላት። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ዘርፈሽዋል» አለ፣ «ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው የዘገየሁት። ሞተሩ ይነሳልኝ፣ አንድ ነገር ይዤ ልምጣ ብዬ...»

በገበያ ያላለው ነገር ይህ ነበር። እሷ ፊት አመለጠው።

ዘርፈሽዋል ጆንያዋን ፈታች። ሁለት እጇን አስገብታ እህሉን አፈሰችና በጣሳው ላይ ከመረችው፤ ደግማ አፈሰችና ጨመረችበት፣ እህሉ በጠርዙ ፈስሶ በሸረፋ እግር ላይ እስኪወርድ።

«በገበያ ያሉትን ሰምቻለሁ» አለች። «እውነት ነው ያሉት። ቅናሽ ይዘው እስኪመጡ ግን ደበሌ አልጠበቀዎትም። ሙሉውን ይውሰዱ።»

ሸረፋ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። ሞተሩ ይሠራል። ሰፍያ ከኋላው መጥታ ጣሳውን ከእጁ ወሰደችና ከነክምሩ ወደ ሣጥኑ ገለበጠችው። ከዚያም የዘርፈሽዋልን እህል አንስታ ወደ ወፍጮው ጨመረች።