የአሥራ አንድ ቀን ዝናብ

በሸለቆው ያለ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሦስት ሰዓት» ይላቸዋል። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ ሳያዛንፉ፣ ከጣቢያው ቤት ወጥተው የሽቦውን በር ይከፍታሉና። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ የግድግዳ ሰዓቱን የሚያስተካክለው የእሳቸውን ካፖርት አይቶ ነው። ሬዲዮ ይሳሳታል፣ እሳቸው አይሳሳቱም ይላል።

ሥራቸው ዝናብ መለካት ነው። በግቢው መሐል አፏ ሰፍቶ ወደ ውስጥ የምትጠብብ የቆርቆሮ ዕቃ ቆማለች፤ ሆዷ ውስጥ ጠርሙስ አለ። ጠርሙሱን ያወጣሉ፣ ውሃውን መስመር ወዳለው ብርጭቆ ይገለብጣሉ፣ ብርጭቆውን ከዓይናቸው ትክክል አድርገው ያነባሉ፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። ዝናብ ካልጣለ ዜሮ ነው። ሳይለካ ያለፈ ቀን ግን ዜሮ አይጻፍበትም፣ ሰረዝ ነው የሚሰመርበት። ዜሮ «አየሁ፣ ውሃ የለም» ማለት ነው፤ ሰረዝ «አላየሁም» ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጽፉ ኖረዋል። ጡረታቸው ሊደርስ ሰባት ወር ሲቀረው እኔ መጣሁባቸው።

እኔ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ የወቅት ትንበያ ከሚሠሩት አንዷ ነኝ። ሰው ስለ ትዕግሥቴ አይመሰክርልኝም፤ ሰነፍ አይደለሁም፣ ግን ነገሩ ቶሎ እንዲቋጭልኝ እወዳለሁ። ያ ጠባዬ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ ስላለው ነው አስቀድሜ መናገሬ። የመጣሁት ዋናው ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ እየሞቀ ነበር፣ እኛም ቢሮ ውስጥ እንቅልፍ አጥተን ነበር።

ጋሽ ሦስት ሰዓት መጀመሪያ ሳቁብኝ። በሕይወታቸው ባሕር አይተው አያውቁም፤ ያ ውሃ እዚህ ከእኛ ጣሪያ ጋር ምን ያገናኘዋል አሉ፤ «ወይዘሪት ባሕር ማዶ» የሚል ስምም አወጡልኝ። በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውሃ ሞልቼ አስረዳኋቸው። በደህናው ጊዜ በዚያ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል፣ ፀሐይ ያሞቀችውን የላይ ውሃ እየገፋ ወደ ምዕራቡ ዳር ያከማቻል፤ በምሥራቁ ዳር ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይወጣል። ደመናና ዝናብ የሚበዛው ሙቅ ውሃ ባለበት ነው፣ አየሩ እዚያ ወደ ላይ ይወጣልና። በየሁለት፣ በየሦስት፣ አንዳንዴ በየሰባት ዓመቱ ነፋሱ ይደክማል። ያኔ የተከማቸው ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ ደመናውም ይከተለዋል፤ ኤልኒኞ የሚሉት ይህን ነው። ነፋሱ ከልክ በላይ ሲበረታ ደግሞ የምሥራቁ ውሃ ይብሱን ይቀዘቅዛል፤ እሱ ላኒና ነው። አየር በአንድ ቦታ ከወጣ በሌላ ቦታ መውረዱ አይቀርም፤ መውጫው ሲዛወር መውረጃውም ይዛወራል፣ የዓለም ነፋስ ሁሉ መንገዱን ይቀይራል። አየሩ የወረደበት አገር ደመናው አይነሣም። የእኛ ዋና ዝናብ በሞቃቱ ዓመት ብዙ ጊዜ የሚያጥረው፣ በቀዝቃዛው ዓመት ብዙ ጊዜ የሚደላው ለዚህ ነው።

«ብዙ ጊዜ?» አሉኝ።

ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም አልኳቸው። ባሕሩ ዕጣውን ያጋድላል እንጂ አይፈርድም። እኔ የመጣሁትም ዕጣው በዚህ ሸለቆ ላይ ምን ያህል እንደሚያጋድል ለማወቅ ነው። በአካባቢው ሳይቋረጥ የቆየ መዝገብ ያለው የእሳቸው ጣቢያ ብቻ ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር ደግሞ ዓርብ ዕለት ዘር ማዘዝ ነበረበት። ሁለት ዓይነት በቆሎ ቀርቦለታል፤ አንዱ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ዝናቡ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ እጥፍ የሚሰጥ፣ ሌላው ፈጥኖ የሚደርስ፣ የሚሰጠው ግን ጥቂት። የሚመጣው አንድ መኪና ዘር ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ተዘርቶ ዝናቡ ቀድሞ ከተቋረጠ ሸለቆው ባዶ እጁን ይቀራል።

ሦስት ቀን መዝገቡን አገላበጥኩ። የሞቃቶቹን ዓመታት የየወሩን ድምር አወጣሁና አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ባሕሩ ከሁሉም በላይ በሞቀበት ዓመት፣ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ የእሳቸው ጣቢያ በወቅቱ መጨረሻ ጥሩ ዝናብ አስመዝግቧል። ሸለቆው በተራራ የታቀፈ ነው፤ ምናልባት ባሕሩ አይደርስበትም አልኩ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር የምጽፈው ጥናት ርዕስ ሁሉ ታየኝ። ዘግይቶ የሚደርሰውን ዘር ያዙ ብዬ ልመክር እንደሆነ ለጋሽ ሦስት ሰዓት ነገርኳቸው።

የትኛው ዓመት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ። ሻያቸውን ሳይጠጡ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ጠዋት በሩን የከፈቱት በሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር። ባለሱቁ ሰዓቱን ከግድግዳ አውርዶ ባትሪውን ሲያወጣና ሲያስገባ በመስኮት አየሁት፣ ሳቄ መጣ። ምን አስቆኝ እንደሆነ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሰውየው በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት መዝገብ ይዘው ወደ ክፍሌ ገቡ፣ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አንዱ የዚያ የሞቃቱ ዓመት ነው፣ ሌላው ከእሱ በፊት የነበረው። ጣታቸውን በአሥራ አንድ መስመር ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬዱ። በሁለቱም መዝገብ ላይ ቁጥሮቹ አንድ ነበሩ፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት፣ ስድስት ነጥብ ዜሮ፣ ሃያ አንድ ነጥብ ሰባት፣ እያለ እስከ መጨረሻው።

«አልነበርኩም» አሉኝ። «ባለቤቴ ሆዷን ተቀድዳ ከተማ ሆስፒታል ነበርን። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋዋ ሥር አልተነሣሁም። ስመለስ ቅጹ የሚላክበት ቀን ደርሷል። የዚያን ጊዜ ተቆጣጣሪ በሰረዝ የመጣ ሰው ያባርር ነበር። ያለፈውን ዓመት ገልጬ ገለበጥኩት። ዝናብ ከዓመት ዓመት ያው ነው ብዬ።»

ያለፈው ዓመት ግን ባሕሩ የቀዘቀዘበት፣ ዝናቡ እስከ መጨረሻ የዘለቀበት ዓመት ነበር። የቀዝቃዛውን ባሕር ዝናብ ወስደው ሞቃቱ ዓመት ላይ ለጥፈውታል። እኔም ድምሩን ብቻ አይቼ፣ ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳላስተያይ፣ ሰው የጻፈውን የተራራ ተአምር አድርጌው ነበር። ተናደድኩባቸው፤ በራሴ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ሰረዝ አድርገን ዝም እንበል፣ እኔ ስሌቱን አስተካክላለሁ፣ ማንም ምክንያቱን መስማት የለበትም አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ያኔ ነው ዋናውን የነገሩኝ።

በዚያ ዓመት ሸለቆው ደርቆ ነበር። ከተራራው ወዲያ ላሉት እርዳታ ሲገባ ለዚህ ሸለቆ አልገባም፤ መዝገቡ ዝናብ ዘንቧል ይላልና። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ታናሽ ወንድማቸው፣ ሰው ሁሉ «ጭምቱ» የሚላቸው፣ ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ቤታቸውን ዘግተው አራት ዓመት ከተማ ድንጋይ ሲሸከሙ ኖሩ። እርዳታው ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ የነገራቸው ሰው የለም። አሁን የማኅበሩ የዘር ኮሚቴ ሰብሳቢ ጭምቱ ናቸው።

«ወረቀቱን ብታስተካክዪው ወንድሜ አያምንሽም» አሉ ጋሽ ሦስት ሰዓት። «የኔን መዝገብ ነው የሚያምነው። ሐሰቱን በገዛ እጄ እንደጻፍኩት እኔው ልንገረው።»

ዓርብ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ስድሳ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ጭምቱ አጀንዳውን ካነበቡ በኋላ ወደ ወንድማቸው ዞረው «ጋሼ፣ መዝገቡ ምን ይላል?» አሉ። በሕይወታቸው ከዚህ ቃል በቀር በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም። ጋሽ ሦስት ሰዓት መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። በሥራችን መፋቅ ክልክል ነው፤ የተሳሳተው ቁጥር እየታየ በላዩ አንድ መስመር ይሰመራል፣ ከጎኑ ትክክሉ ይጻፋል፣ ይፈረማል። በሁሉም ፊት አሥራ አንዱን ቁጥር እየጠሩ አሰመሩባቸው፣ በእያንዳንዱ ጎን ሰረዝ አደረጉ፣ ፈረሙ። ለምን እንደሆነም ተናገሩ።

ጭምቱ ወንድማቸውን ሳይሆን እኔን አዩኝና «እንግዲህ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ። ባሕሩ ሞቋል፣ ሸለቆው ከሌላው አገር ይለያል የሚያሰኝ አንድም ማስረጃ የለኝም፣ ዝናቡ ቀድሞ የማቆም ዕድሉ ከአሥር ስድስት ነው፣ ላይሆንም ይችላል አልኩ። ፈጥኖ የሚደርሰውን ዘር አዘዙ። ጭምቱ ቃለ ጉባኤውን ፈርመው በወንድማቸው አጠገብ አለፉ፤ ምሰሶ እንደሚታለፍ ነበር ያለፏቸው።

ቀጥሎ የመጣውን ጊዜ ለጠላቴ አልመኝም። ዝናቡ ገባ፣ ደግሞም ደህና አድርጎ ገባ። ለሁለት ወር ያህል ከዋናው መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ስደውል ጋሽ ሦስት ሰዓት የየቀኑን ቁጥር ያነቡልኛል፣ እኔም ጥሩ ዝናብ በሰማሁ ቁጥር ስሌቴን እንደገና እሠራለሁ። ገበሬው በጣቢያው አጥር በኩል ሲያልፍ፣ በንስሐ የመጣ ዘር ምርታችንን አጎደለብን እያለ ያሽሟጥጥ ነበር አሉ። ዝናብ ሲዘንብ የምታዝን ትንበያ ሠሪ ሆንኩ፤ ኃጢአት ነው፣ ግን አዘንኩ። ጭምቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም።

ከዚያ ዝናቡ ከወትሮው ሃያ ሦስት ቀን ቀድሞ ቆመ። ያኔ እኔ ለሌላ ሥራ ጣቢያው ነበርኩ። በሸለቆው በቆሎው ደርሶ ፍሬው እየጠነከረ ነበር። ከተራራው ወዲያ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው በተዘራበት፣ ገና አበባ ላይ ነበረና ቅጠሉ እንደ ወረቀት ተጠቀለለ።

ዝናቡ ከቆመ በዘጠነኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጭምቱ በሽቦው አጥር በኩል ቆመው አየሁ። ጋሽ ሦስት ሰዓት በሩን ከፈቱላቸው። ጠርሙሱን አወጡ። ጭምቱ ከእጃቸው ተቀበሏቸውና ራሳቸው ወደ ብርጭቆው ገለበጡት፤ ምንም አልወረደም። ብርጭቆውን ወንድማቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ ከዓይናቸው ትክክል አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ዜሮ ነው» አሉ። ከዚያ ብዕሩን አነሥተው ለወንድማቸው አቀበሉና «ይጻፉት፣ ጋሼ» አሉ።