ባዶው ሳጥን

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ያዥ ሃያ ዓመት ሙሉ ውጤት በእጁ ሲደምር ኖረ። ዘንድሮ ግን ኮምፒውተር ተማረና የክፍል ፈተናን ሠላሳ፣ አጋማሹን ሃያ፣ ማጠቃለያውን ሃምሳ በመቶ እያሰበ አማካይና ደረጃ የሚያወጣ፣ ከሃምሳ በታች ያመጣውን «ወደቀ» የሚል ሰንጠረዥ ሠራ። መምህራኑም «እጅህ ይባረክ» አሉት።

ካርድ በታደለ በሳምንቱ አንዲት እናት መጣች።

«ጋሼ፣ ልጄ አጋማሹን ታማ አልተፈተነችም። የሐኪም ወረቀት ሰጥቻችሁ ነበር እኮ!»

ሰንጠረዡን ሲከፍት ክው አለ። ልጅቷ ከክፍል ፈተናው ስድሳ፣ ከማጠቃለያው ስድሳ ሁለት አምጥታለች። ባዶው የአጋማሹ ሳጥን ግን እንደ ዜሮ ተቆጥሮ አማካይዋ አርባ ዘጠኝ ሆኗል። በተፈተነችበት ሰማንያ በመቶ ብቻ ቢሰላ ስድሳ አንድ ከሩብ ይሆን ነበር።

ሮጦ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄደ።

«የእሷን ከፍ ካደረግን የሌሎቹም ደረጃ ይዛባል» አሉት። «ካርዱ ወጥቷል። ለከርሞ አስተካክለው።»

ወደ እናትየው ተመለሰ። እሷም ገና ፊቱን ስታይ ገባት።

«ይተዉት ጋሼ። እሷም ደብተሯን ቀድዳ ጥላ ልብስ ስፌት ቤት ገብታለች» ብላ ወጣች።

ቀመሩን ለማስተካከል አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።